የፕሌይስቴሽን 5 ማከማቻ ሲሞላ፦ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ የሚበቃውና የማይበቃው ለየትኛው ጌም ነው?

ባሕር ዳር ውስጥ ፔዳ አካባቢ ባለችው ጌም ቤቴ ደንበኞች አዘውትረው የሚጠይቁኝ ስለ ጆይስቲክ ወይም ስለ ቴሌቪዥን ሳይሆን ስለ ቦታ ነው። «ማሽኑ ሞላብኝ፤ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ብገዛ ይበቃኛል?» ይሉኛል። ለዚህ ጥያቄ «አዎ» ወይም «አይ» ብሎ መመለስ ሰውን ማሳሳት ነው፤ ያው አንዱ ሃርድ ዲስክ ለአንዳንዱ ጌም መጫወቻ፣ ለሌላው ግን መጋዘን ብቻ ስለሚሆን። ይህ መመሪያ በዋናነት የተጻፈው ፕሌይስቴሽን 5 ላላቸው ሰዎች ሲሆን፣ ባለፈው ክረምት አንድ የፖሊ ተማሪ ይዞት በመጣው ማሽን ላይ የሠራነውን ሥራ እየተከተለ ይሄዳል። ስለ ኤክስቦክስና ስለ ስዊች መጨረሻው አካባቢ ባጭሩ እመለስበታለሁ።

በመጀመሪያ፣ ያለዎትን ቦታ ይለኩ

ተማሪው ማሽኑን በፎጣ ጠቅልሎ በባጃጅ ይዞት የመጣው የእግር ኳሱ ጌም፣ ማለትም ኤፍሲ፣ አፕዴት አላደርግም ስላለው ነበር። እሱ የጠረጠረው ኢንተርኔቱን ነው። እኔ ግን ሌላ ነገር ከመንካቴ በፊት Settings ውስጥ ገብቼ Storage የሚለውን፣ ከዚያም Console Storage የሚለውን ከፈትኩ። እርስዎም ከዚሁ ይጀምሩ፤ ማሽኑ ለጌሞች፣ ለተቀረጹ ቪዲዮዎችና ፎቶዎች፣ እንዲሁም ለሴቭ ፋይሎች ስንት ስንት ጊጋ እንደወሰደ ለይቶ ያሳይዎታል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚደናገርበት ነገር አለ። የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን 5 ካርቶን ላይ 825 ጊጋ ይላል፤ ሲስተሙ የራሱን ድርሻ ከወሰደ በኋላ ግን ለተጠቃሚው የሚተርፈው ወደ 667 ጊጋ ገደማ ነው። ስለዚህ የጎደለው ቦታ ጠፍቶ ወይም ሻጩ አታልሎዎት አይደለም። በኋላ የወጣው ቀጭኑ ሞዴል በ1 ቴራ ስለሚመጣ ትንሽ ይሻላል።

የተማሪው ማሽን ላይ ያገኘነው ዝርዝር ይህን ይመስል ነበር። ኮል ኦፍ ዱቲ ከነሙሉ ክፍሎቹ 180 ጊጋ፣ የቅርጫት ኳሱ ኤንቢኤ 2ኬ 150፣ ጎድ ኦፍ ዋር ራግናሮክ 100፣ ጂቲኤ 5 ወደ 95፣ ኤፍሲ 60፣ በተጨማሪም ከድሮው ፕሌይስቴሽን 4 የመጡ ሦስት ጌሞች በድምሩ 70 ጊጋ ይዘዋል። ሲደመር 655 ነው። ጎል ባገባ ቁጥር የሚቀርጻቸው ቪዲዮዎች ሌላ 5 ጊጋ ወስደዋል። የቀረው 7 ጊጋ ብቻ ነበር። የጌሞቹ መጠን በየአፕዴቱ ስለሚቀያየር የእርስዎ ማሽን ላይ ቁጥሩ ከዚህ ሊለይ ይችላል፤ አንድ ትልቅ ጌም ከ50 እስከ 150 ጊጋ ይፈልጋል ብሎ ማስላት ግን ብዙም አያሳስትም።

«እኔ ዲስክ ስለምገዛ አይመለከተኝም» የሚሉ ደንበኞችም አሉኝ። ይመለከታቸዋል። ጌሙ ከዲስክ ላይ እየተነበበ የሚጫወቱበት ዘመን አልፏል፤ ዲስኩ ሲገባ ሙሉው ጌም ወደ ማሽኑ ይገለበጣል፤ ከዚያ በኋላ የዲስኩ ሥራ ባለቤትነትዎን ማረጋገጥ ነው።

አፕዴቱ ለምን እንቢ አለ? አፕዴት የሚወርደው በጌሙ ላይ ቀጥታ እየተጻፈ አይደለም። አዲሱ ፋይል ጊዜያዊ ቦታ ይይዛል፤ አንዳንዴም ትልልቅ ፋይሎች እንደ አዲስ ተገንብተው ካለቁ በኋላ ነው አሮጌዎቹ የሚጠፉት። በፕሌይስቴሽን 4 ላይ ይህ ችግር ከፍቶ ጌሙን ሙሉ በሙሉ እስከ መገልበጥ ይደርስ ነበር፤ ፕሌይስቴሽን 5 ላይ ቢሻሻልም ስክሪኑ ላይ ከሚታየው የአፕዴት መጠን በላይ ባዶ ቦታ መጠየቁ አልቀረም። እኔ በጌም ቤቴ ማሽኖች ላይ ሁልጊዜ 100 ጊጋ ያህል ባዶ እተዋለሁ። ይህ የፋብሪካ ሕግ አይደለም፤ አፕዴት በመጣ ቁጥር ደንበኛ አስቀምጦ ጌም ከመሰረዝ የተገላገልኩበት የራሴ ልክ ነው።

ፍጥነቱ ለምን ወሳኝ ሆነ?

ፕሌይስቴሽን 4 በ2013 ሲወጣ ውስጡ የነበረው በደቂቃ 5,400 ጊዜ የሚሽከረከር ተራ ሃርድ ዲስክ ነበር። ስለዚህ ለእሱ የተሠሩ ጌሞች ሁሉ የሃርድ ዲስክን ዝግመት ታሳቢ ያደረጉ ናቸው፤ ረጅም የመጫኛ ስክሪን፣ ቀስ ብሎ የሚወጣ ሊፍት፣ ሁለት ግድግዳ መካከል በወገብ የሚታለፍበት ጠባብ መንገድ፣ እነዚህ ሁሉ ብዙ ጊዜ ዲስኩ ቀጣዩን ሥፍራ አንብቦ እስኪጨርስ ተጫዋቹን ማቆያ ዘዴዎች ነበሩ።

ፕሌይስቴሽን 5 ይህን ስሌት ቀየረው። በውስጡ ያለው፣ የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ፈጣን ማከማቻ፣ ማለትም ኤስኤስዲ፣ በሴኮንድ 5,500 ሜጋባይት ያነባል። አንድ ደህና ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ግን ፋይሉ ተከታታይ ሆኖ ሲመቸው በሴኮንድ ከ100 እስከ 140 ሜጋባይት ቢያነብ ነው፤ ፋይሎቹ የተበታተኑ ከሆኑ፣ የሚያነበው ክንድ ወዲያና ወዲህ መሮጥ ስላለበት፣ ከዚያም እጅግ ያንሳል። ጌሙ መንገድ ሲታጠፉ የሚታየውን ሕንፃ በቅጽበት እንዲቀርብለት እየጠበቀ ከሃምሳ ጊዜ ያህል ከሚዘገይ ዲስክ ቢያነብ፣ ወይ ይቆማል ወይ ሕንፃው ሳይሞላ ጭቃ መስሎ ይታያል።

በዚህ ምክንያት ሶኒ በሩን ጭራሽ ዘግቶታል። የፕሌይስቴሽን 5 ጌም በዩኤስቢ በተሰካ ድራይቭ ላይ ማስቀመጥ ከ2021 ጀምሮ ተፈቅዷል፤ ከዚያው ላይ ማጫወት ግን አይቻልም። ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው እዚህ ላይ ነው፤ «ኤክስተርናሉ ሃርድ ዲስክ ሳይሆን ኤስኤስዲ ከሆነ ይጫወታል» ብሎ ውዱን ይገዛል። አይጫወትም። የዩኤስቢው መስመር ራሱ ቢበዛ በሴኮንድ 1,000 ሜጋባይት አካባቢ ስለሚያሳልፍ፣ ውስጡ ምንም ዓይነት ፈጣን ኤስኤስዲ ቢከቱበት ማሽኑ የዩኤስቢ ድራይቭ መሆኑን አውቆ ጌሙን አያስነሳም።

የፕሌይስቴሽን 4 ጌሞች ግን ከዩኤስቢ ድራይቭ ላይ ያለ ችግር ይጫወታሉ፤ ሲጀመር የተሠሩት ለሃርድ ዲስክ ነውና። ኤስኤስዲ ከሆነ ደግሞ የመጫኛው ጊዜ በግልጽ ያጥራል። እንደ ኤፍሲና ጂቲኤ 5 ያሉ ጌሞች በሁለቱም ዓይነት ስለሚገኙ፣ የትኛው እንደተጫነልዎ ከጌሙ ስም አጠገብ PS4 ወይም PS5 የሚለውን ምልክት አይተው ይለዩ። የPS4ቱን ቅጂ የማውረድ መብት ካለዎትና የምስሉ ጥራት መቀነስ ካላስከፋዎት፣ ያንኑ ጌም ከኤክስተርናል ላይ መጫወት ይችላሉ።

ድራይቩን መምረጥና መፈተሽ

ማሽኑ የሚቀበለው ከ250 ጊጋ እስከ 8 ቴራ የሆነ፣ በሴኮንድ 5 ጊጋቢት ወይም ከዚያ በላይ በሚያሳልፍ ዩኤስቢ የሚሠራ ድራይቭ ነው። በገበያ አነጋገር ዩኤስቢ 3.0 የሚባለው ማለት ነው። ለመጋዘንነት ብቻ ከፈለጉት 1 ወይም 2 ቴራ የሆነ ተራ ተንቀሳቃሽ ሃርድ ዲስክ ይበቃል፤ ለዚህ ሥራ ኤስኤስዲ መግዛት የሚያተርፈው የመገልበጫ ጊዜ ብቻ ነው።

ከመግዛትዎ በፊት አንድ ነገር ልንገርዎ። «16 ቴራ ኤስኤስዲ» ተብሎ ከአንድ ተራ ሃርድ ዲስክ ባነሰ ዋጋ የሚሸጥ ነገር ካዩ አይንኩት። አንዱን ደንበኛዬ ይዞልኝ መጥቶ ስንፈታው ውስጡ ሙጫ በፈሰሰበት ትንሽ ሰሌዳ ላይ የተሰካ የስልክ ሚሞሪ ካርድ ብቻ ነበር። እንዲህ ያለው ድራይቭ መጀመሪያ ላይ ሙሉ መጠን ያሳያል፣ መገልበጥም ይጀምራል፤ እውነተኛው ቦታ ሲያልቅ ግን በላዩ ላይ እየደራረበ ይጽፍና ጌሙ ሲመለስ የተበላሸ ሆኖ ይገኛል። መለያው ቀላል ነው፤ ድራይቩን ማሽኑ ላይ ከመሰካትዎ በፊት ኮምፒውተር ላይ ሰክተው H2testw በሚባለው ነፃ ፕሮግራም እስከ አፉ ድረስ ያስጽፉትና መልሶ ያንብብ። ትልቅ ድራይቭ ላይ ሰዓታት ይወስዳል፤ ቢሆንም ማታ ሰክተውት ቢያድሩ የሚጎዳ የለም።

መሰካትና ፎርማት ማድረግ

ድራይቩ ቀጥታ ማሽኑ ላይ መሰካት አለበት፤ በዩኤስቢ ማከፋፈያ በኩል አይሠራም። የትኛው ቀዳዳ ላይ እንደሚሰኩትም ይመልከቱ። በመጀመሪያው ሞዴል ፊት ለፊት ያለው ሰፊው ቀዳዳ የድሮው ቀርፋፋ ዩኤስቢ ነው፤ ተማሪው የጓደኛውን ሃርድ ዲስክ አንድ ቀን ተውሶ እዚያ ላይ ሰክቶት ማሽኑ አልቀበልም ስላለው «ሃርድ ዲስኩ ተበላሽቷል» ብሎ መልሶለት ነበር። ከኋላ ያሉት ሁለቱ ሰፋፊ ቀዳዳዎች ፈጣኖቹ ናቸው፤ እኔ ሁልጊዜ ከኋላ ነው የምሰካው፤ እግር የሚያደናቅፈው ገመድም አይኖርም።

ከዚያ Settings, Storage, USB Extended Storage ብለው ይግቡና Format as USB Extended Storage የሚለውን ይምረጡ። ይህ እርምጃ በድራይቩ ላይ ያለውን ሁሉ ያጠፋል። የሠርግ ቪዲዮ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ምንም ቢኖር አይተርፍም፤ በዚያ ላይ ፎርማት ከተደረገ በኋላ ድራይቩ ኮምፒውተር ላይ እንደ ተራ ሃርድ ዲስክ አይከፈትም። ስለዚህ ድራይቩን ለጌም ብቻ ይመድቡት።

ጌሞቹን ማዛወር

ወደ Console Storage ተመልሰው Games and Apps የሚለውን ይክፈቱ፤ የሚዛወሩትን ምልክት አድርገው Move ይበሉ። ምን ይውጣ ምን ይቅር የሚለውን ሲወስኑ ሁለት ነገር ይበቃል፤ የPS4 ጌሞች ሁሉ ይውጡ፣ ከዚያ ደግሞ ተጫውተው የጨረሱት ወይም ለወር ያልከፈቱት የPS5 ጌም ይከተል። ሴቭ ፋይሉ በማሽኑ ውስጥ ስለሚቀር የደረሱበት ደረጃ ይጠፋል ብለው አይስጉ።

በተማሪው ማሽን ላይ 70 ጊጋ የሆኑትን ሦስቱን የPS4 ጌሞችና የጨረሰውን ጎድ ኦፍ ዋር አወጣን፤ በድምሩ 170 ጊጋ። በሴኮንድ 100 ሜጋባይት ቢሄድ 28 ደቂቃ ነው፤ በእርግጥ ግን 40 ደቂቃ ሊሞላ ምንም አልቀረው። በማሽኑ ላይ የነበረው 7 ጊጋ ወደ 177 ከፍ አለ፤ ኤፍሲም ወዲያው አፕዴቱን ተቀበለ።

የኤክስተርናል ድራይቭ እውነተኛ ጥቅም ለእኛ የሚታየው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ጌሙን ሰርዞ በሚፈልግበት ጊዜ መልሶ ማውረድ ኢንተርኔት ሞልቶ ለተረፈው ሰው የሚመች ምክር ነው። የኢንተርኔት መስመርዎ በሴኮንድ 1 ሜጋባይት የሚያወርድ ከሆነ፣ ማለትም 8 ሜጋቢት የሚባለው ከሆነ፣ 100 ጊጋ ጌም ሳይቋረጥ ከ27 ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ በሞባይል ዳታ ከሆነማ ሒሳቡን ባልናገር ይሻላል። ያንኑ ጌም ከሃርድ ዲስክ ወደ ማሽኑ መመለስ ግን ሃያ ደቂቃ አይሞላም፤ በጥሩ ኤስኤስዲ ደግሞ አራትና አምስት ደቂቃ ነው። ቡና ተቆልቶ እስኪፈላ ያልቃል።

መብራት ሲሄድ

ሐምሌ ላይ ከጣና ማዶ ነጎድጓዱ ሲጀምር እኔ ማዛወር አልጀምርም። አንድ ቀን ግን ትዕግሥት አጥቼ ጀመርኩ፤ ግማሽ ላይ መብራት ሄደ። ማሽኑ ሲነሣ ድራይቩን እየጠገነ መሆኑን የሚገልጽ መልእክት አሳየና ቆይቶ ተነሣ፤ ሲዛወር የነበረው ጌም ግን አልከፈት ስላለ ሰርዤ እንደ አዲስ ማውረድ ግድ ሆነብኝ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጌሞችን በአንድ ጊዜ መርጬ አላዛውርም፤ አንድ በአንድ ነው የማደርገው፣ ቢቋረጥም የሚበላሸው አንዱ ብቻ ነው። አነስተኛ ዩፒኤስ ካለዎት ማሽኑን በሥርዓት ለማጥፋት የሚበቃ ጥቂት ደቂቃ ይሰጥዎታል፤ 40 ደቂቃ የሚፈጅ ግልበጣ ያስጨርሰኛል ብለው ግን አይተማመኑበት።

ድራይቩን ለመንቀል ሲፈልጉም ገመዱን ዝም ብለው አይሳቡ። USB Extended Storage ውስጥ Safely Remove from PS5 የሚለውን ይምረጡ፤ ማሽኑ Rest Mode ላይ እያለም መንቀል ያው ችግር ያመጣል። ተራ ሃርድ ዲስክ እየሠራ ከጠረጴዛ ቢወድቅ ውስጡ የሚሽከረከረው ሳህን ይጫራል፤ ከዚያ በኋላ «ጠቅ፣ ጠቅ» የሚል ተደጋጋሚ ድምፅ ከሰሙ ያለውን ጌም ቶሎ ወደ ማሽኑ ይመልሱ እንጂ አዲስ ነገር አይጫኑበት።

ኤክስተርናሉ ሳይበቃ ሲቀር

በየቀኑ አራትና አምስት ትልልቅ የPS5 ጌሞችን እያፈራረቁ የሚጫወቱ ከሆነ፣ ወይም እንደ እኔ ደንበኛ «ይህን ክፈትልኝ» ባለ ቁጥር መክፈት ካለብዎት፣ ሃያ ደቂቃ መጠበቅ አያዋጣም። ያን ጊዜ የሚያስፈልገው በማሽኑ ሆድ ውስጥ ባለው ልዩ ክፍተት የሚገባው ኤም.2 የሚባለው ኤስኤስዲ ነው። የPS5 ጌሞች እዚህ ላይ ቀጥታ ይጫወታሉ።

ሲገዙ ጽሑፉን በጥንቃቄ ያንብቡ። PCIe Gen4 NVMe የሚል መሆን አለበት፤ በቅርጽ አንድ ዓይነት የሚመስሉ የSATA እና የGen3 ዓይነቶች አሉ፣ ማሽኑ አይቀበላቸውም። ሶኒ የሚመክረው የንባብ ፍጥነት በሴኮንድ 5,500 ሜጋባይት ወይም ከዚያ በላይ ነው። ሙቀት የሚያስወጣው ብረት አብሮት ሊኖር ይገባል፤ ከነብረቱ ያለው ውፍረት ግን ከ11.25 ሚሊሜትር ካለፈ ክዳኑ አይገጥምም። ይህን ሳልለካ ገዝቼ የመለስኩት አለ።

አገጣጠሙ ከባድ አይደለም። ማሽኑን ሙሉ በሙሉ አጥፍተው ገመዶቹን ሁሉ ይንቀሉ፣ እስኪቀዘቅዝም ይጠብቁ። ነጩን ክዳን አንሥተው በብሎን የታሰረውን ትንሽ ሽፋን ይፍቱ፣ ኤስኤስዲውን አጋድመው ወደ ቀዳዳው ያስገቡና ተጭነው በብሎን ይሰሩት። ትንሿ የብሎን መደገፊያ ቀለበት ከኤስኤስዲው ርዝመት ጋር ወደሚገጥመው ቀዳዳ መዛወር አለባት፤ እጅ ላይ ስለምታመልጥ ሥራውን ነጭ ጨርቅ ዘርግተው ላዩ ላይ ይሥሩት። ሲያበሩት ማሽኑ ፎርማት እንዲያደርጉ ይጠይቅና ራሱ የለካውን የንባብ ፍጥነት ያሳይዎታል። ካርቶኑ 7,000 እያለ ስክሪኑ ላይ በጣም ዝቅ ያለ ቁጥር ካዩ፣ ጌም ከመጫንዎ በፊት ወደ ሻጩ ይመለሱ።

ኤክስቦክስና ስዊች

የኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስና ሲሪስ ኤስ ሕግ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። ለእነዚህ ማሽኖች የተሻሻሉት አዳዲስ ጌሞች በዩኤስቢ ድራይቭ ላይ ይቀመጣሉ እንጂ አይጫወቱም፤ የኤክስቦክስ ዋንና ከዚያ በፊት የነበሩት ይጫወታሉ። ልዩነቱ፣ ውስጣዊ ማከማቻውን ማስፋት የሚቻለው ከኋላ በሚሰካው የራሱ ልዩ ካርድ ብቻ መሆኑ ነው። በ512 ጊጋ የመጣው ሲሪስ ኤስ ለተጠቃሚው የሚተወው 364 ጊጋ ያህል ስለሆነ በጣም ቶሎ ይሞላል። ስዊች 2 ደግሞ ማይክሮ ኤስዲ ኤክስፕረስ የሚባለውን ካርድ ይፈልጋል፤ ለመጀመሪያው ስዊች የተገዛ ተራ ካርድ ጌም አይጫንበትም።

ተማሪው ኤም.2 አልገዛም፤ በጀቱም አይፈቅድም ነበር። 1 ቴራ ሃርድ ዲስክ ይዞ ሄደ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስጠይቀው ጎድ ኦፍ ዋርን ለታናሽ ወንድሙ ወደ ማሽኑ መልሶለት፣ በምትኩ ኤንቢኤን አውጥቶ፣ 220 ጊጋ ያህል ባዶ ቦታ እንደቀረው ነገረኝ።